አረቄ፣ ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፦ የአልኮል፣ የፌኖልና የካርቦክሲሊክ አሲድን ጥንካሬ በኮንጁጌት ቤዛቸው ማወዳደር

ሐዋሳ ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የማስጠናቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ፌኖል ፕሮቶኑን ሲያጣ የሚቀረው አዮን አምስት የሬዞናንስ ስዕል አለው። የካርቦክሲሊክ አሲዱ ግን ሁለት ብቻ። ታዲያ ለምንድነው ካርቦክሲሊክ አሲዱ የሚበልጠው?"

ጥያቄው ቦታውን የመታ ነው። ይህን በደንብ የመለሰ ተማሪ የቀረውን ምዕራፍ ሳይሸመድድ ይሠራዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። መልሱን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ስዕሎቹን አትቁጠሩ፣ ቻርጁ የት እንዳረፈ ጠይቁ። እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ በየደረጃው እንየው። ወደ መጨረሻ አካባቢ ከመድኃኒት ቤትና ከማዕድ ቤት በሚገኙ ነገሮች የምትሠሩት ሙከራም አለ።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ቁጥሮች

ሦስት ሞለኪውሎችን እንያዝ፦ ሳይክሎሄክሳኖል፣ ፌኖልና ቤንዞይክ አሲድ። ሦስቱንም የመረጥኩት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ስላላቸው ነው። ሦስቱም ፕሮቶን የሚሰጡት ከ O–H ቦንድ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የሚታየውን ልዩነት በመጠን ወይም በክብደት ማሳበብ አይቻልም።

```
ሳይክሎሄክሳኖል   C₆H₁₁OH      pKa ≈ 16
ፌኖል           C₆H₅OH       pKa ≈ 10
ቤንዞይክ አሲድ    C₆H₅COOH     pKa ≈ 4.2
```

pKa ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከ16 ወደ 10 ስድስት ቁጥር ነው፤ ፌኖል ከሳይክሎሄክሳኖል አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የበለጠ አሲድ ነው ማለት ነው። ቤንዞይክ አሲድ ደግሞ ፌኖልን በስድስት መቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ያው O–H ሆኖ እንዲህ የሚራራቀው ለምንድነው?

ደረጃ 1፦ ፕሮቶኑን አውጡና የቀረውን ሳሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና እዚህ ላይ ነው። አሲዱን እያየ ለመፍረድ ይሞክራል። አሲዱን ተዉት። ፕሮቶኑ ከወጣ በኋላ የቀረውን፣ ማለትም ኮንጁጌት ቤዙን ሳሉ።

```
R–OH   ⇌   R–O⁻   +   H⁺
```

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚወጣው H⁺ በሦስቱም ያው ነው። የሚለየው የሚቀረው ነው። የቀረው አዮን ኔጌቲቭ ቻርጁን ያለ ችግር መያዝ ከቻለ ፕሮቶኑን መልሶ ለመውሰድ አይጣደፍም። ሚዛኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አሲዱም ይጠነክራል። ቻርጁ ካስጨነቀው ግን ፕሮቶኑን ወዲያው መልሶ ይይዛል። የተረጋጋ ቤዝ ያለው አሲድ ጠንካራ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ስትስሉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የሚሰበረው በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ቦንድ ነው። በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ያለውን ሰብራችሁ OH⁻ ካወጣችሁ ኤታኖልን እንደ NaOH ቤዝ አድርጋችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ይህን ስህተት በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ ኦክስጅኑ ላይ ሦስት ጥንድ ኤሌክትሮንና የኔጌቲቭ ምልክቱን ሳሉ። እነዚያ ጥንዶች ካልተሳሉ በደረጃ 3 የምታንቀሳቅሱት ነገር አይኖራችሁም።

ደረጃ 2፦ ቻርጁ የተቀመጠበትን አቶም ለዩ

ይህ ቶሎ ያልቃል። በሦስቱም ቻርጁ ያረፈው ኦክስጅን ላይ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮን አጥብቆ የሚስብ አቶም ስለሆነ ኔጌቲቭ ቻርጅን ከካርቦን በተሻለ ይሸከማል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን። ለጊዜው ግን አቶሙ አንድ ስለሆነ አይለያየንም። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ደረጃ 3፦ ቻርጁ ከቦታው መንቀሳቀስ ይችላል?

ደንቡ ይህ ነው፦ ቻርጁን የያዘው ኦክስጅን በቀጥታ የተያያዘበትን ካርቦን ተመልከቱ። ያ ካርቦን ድርብ ቦንድ ካለው ቻርጁ መንገድ አለው። አራቱም ቦንዶቹ ነጠላ ከሆኑ መንገዱ ዝግ ነው።

ሳይክሎሄክሳኖል ላይ እንሞክረው። ኦክስጅኑ የተያዘበት ካርቦን አራት ነጠላ ቦንዶች አሉት። ቻርጁ የሚሄድበት የለም። ሙሉው ቻርጅ አንድ ኦክስጅን ላይ ተከማችቶ ይቀራል። የኤታኖልም ነገር ያው ነው፣ pKa ወደ 16 ነው። ተራ አልኮሎች ሁሉ በዚያ አካባቢ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ፌኖል ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ በቀጥታ ከቤንዝን ቀለበት ጋር ተያይዟል። ያ ካርቦን የቀለበቱ ድርብ ቦንዶች አካል ነው። ስለዚህ ቀስት መሳል እንችላለን። ከኦክስጅኑ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ወርዶ ከካርቦኑ ጋር ድርብ ቦንድ ይሠራል። ካርቦን አምስት ቦንድ ስለማይዝ በቀለበቱ ውስጥ ያለው ድርብ ቦንድ ይገፋና ጎረቤቱ ካርቦን ላይ ቻርጅ ሆኖ ያርፋል። ይህ ኦርቶ ካርቦን ነው። ከዚያ እንደገና ስትገፉት ፓራ ላይ ያርፋል። አንዴ ደግሞ ስትገፉት ሌላኛው ኦርቶ ላይ። በዚህ ጉዞ ቻርጁ ሜታ ካርቦን ላይ አንድም ጊዜ አያርፍም። ይህንንም ያዙት፣ ደረጃ 5 ላይ ይመጣል።

ቻርጁ ኦክስጅኑ ላይ ሆኖ ቀለበቱ በሁለት መልኩ የሚሳልበት ሁለት ስዕል አለ። ቻርጁ ካርቦን ላይ የሆነበት ሦስት አለ። ተማሪዎቹ "አምስት" የሚሉት ይህን ነው።

ካርቦክሲሌት ላይ ኦክስጅኑ የተያያዘበት ካርቦን ራሱ ከሌላ ኦክስጅን ጋር ድርብ ቦንድ አለው። ጥንዱ ይወርዳል፣ ድርብ ቦንዱ ወደ ሁለተኛው ኦክስጅን ይገፋል፣ በቃ። ሁለት ስዕል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቤንዚል አልኮል፣ C₆H₅CH₂OH፣ የቤንዝን ቀለበት ስላለው ብዙዎች ከፌኖል ጋር ይመድቡታል። ደንቡን ተጠቀሙ። ኦክስጅኑ የተያያዘበት CH₂ ነው፤ አራት ነጠላ ቦንዶች። መንገዱ ዝግ ነው። pKa 15.4 ገደማ ነው፣ ማለትም አልኮል ነው። ቀለበት መኖሩ አይጠቅምም፤ ቻርጁ ከቀለበቱ ጋር መገናኘት አለበት።

ደረጃ 4፦ ስዕሎቹን አትቁጠሩ፣ መዝኑ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን።

የሬዞናንስ ስዕል በእውኑ ዓለም የሌለ ነገር ነው። አዮኑ ከአንዱ ስዕል ወደ ሌላው አይዘልም። እውነተኛው አዮን የሁሉም ቅይጥ ነው። ነገር ግን ሁሉም ስዕል በቅይጡ ውስጥ እኩል ድርሻ የለውም። ጥሩ ስዕል ብዙ ያዋጣል፣ መጥፎ ስዕል ጥቂት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስዕል ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ቻርጁ የትኛው አቶም ላይ ነው? ይህን ስዕል ለማግኘት ምን ተበላሸ?

የፌኖክሳይድን ስዕሎች እንመዝን። ሁለቱ ጥሩ ናቸው፣ ቻርጁ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ቀለበቱም ሙሉ ነው። ሦስቱ ግን ሁለት ችግር አለባቸው። ቻርጁ ካርቦን ላይ ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅን በደረጃ 2 እንዳልነው በደንብ አይሸከምም። በዚያ ላይ የቤንዝን ቀለበት ልዩ መረጋጋቱን ያጣል፤ ድርብ ቦንዱ ከቀለበቱ ወጥቶ ወደ ኦክስጅኑ ዞሯልና። በዚህ ምክንያት ሦስቱ ስዕሎች የሚያዋጡት ትንሽ ነው። የቻርጁ አብዛኛው ክፍል አሁንም ያ አንድ ኦክስጅን ላይ ነው።

የካርቦክሲሌትን ሁለት ስዕሎች ደግሞ መዝኑ። በሁለቱም ቻርጁ ኦክስጅን ላይ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። ሁለቱ ስዕሎች ፍጹም እኩያ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦክስጅን ግማሽ ግማሽ ቻርጅ ይሸከማል።

ከባድ ጆንያ ሁለት ጎበዝ ተሸካሚዎች ሲይዙት እና አንድ ጎበዝ ከሦስት ሕፃናት ጋር ሲይዘው አስቡት። በቁጥር የሚበልጠው ሁለተኛው ቡድን ነው። ጆንያው የሚከብደው ግን ለዚያው ለአንዱ ጎበዝ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሐሳብ አይደለም፣ በመለኪያ ይታያል። ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ሁለቱ የካርቦንና የኦክስጅን ቦንዶች ርዝመት ይለያያል፦ ድርቡ 120 ፒኮሜትር፣ ነጠላው 134 ፒኮሜትር ገደማ። ፕሮቶኑ ወጥቶ ሶዲየም ፎርሜት ሲሆን ሁለቱም 127 ፒኮሜትር አካባቢ ይሆናሉ። አንዱ ድርብ፣ አንዱ ነጠላ መሆኑ ቀርቶ ሁለቱም መካከለኛ ሆነዋል።

በካርቦክሲሊክ አሲድ ላይ ሬዞናንስ ሁሉንም ይገልጻል ብዬ ግን አልተውላችሁም። የካርቦኒሉ ካርቦን ራሱ ኤሌክትሮን የተነጠቀ ነው፤ ስለዚህ ከጎኑ ያለውን O–H ገና ከመጀመሪያው ይስባል፣ ቻርጁንም ያቀልላል። ሬዞናንስ ስንት ድርሻ አለው፣ ይህ መሳብስ ስንት የሚለው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኬሚስቶችን ያከራከረ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ቅደም ተከተሉን ስታወጡ አያሳስቷችሁም። ፈተና ላይ ሁለቱንም ብትጠቅሱ ግን መልሳችሁ የተሟላ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ጎረቤቶቹን እዩ

ዋናው ቡድን ከታወቀ በኋላ ቀለበቱ ወይም ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠሉት ነገሮች ይቀራሉ። ኤሌክትሮን የሚስብ ነገር የቤዙን ቻርጅ ያቀልላል፣ አሲዱንም ያጠነክራል። ኤሌክትሮን የሚሰጥ ደግሞ ቻርጁን ያባብሳል፣ አሲዱን ያደክማል።

የሚስበው ነገር ርቀት ወሳኝ ነው። ቡታኖይክ አሲድን እንውሰድ፤ pKa 4.8 ነው። አንድ ክሎሪን ከ COOH ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ ስታስቀምጡ 2.9 ይሆናል። አንድ ካርቦን ስታርቁት 4.1። ሌላ አንድ ስታርቁት 4.5። ሦስት ካርቦን ላይ ሲደርስ ውጤቱ ሊጠፋ ደርሷል። ይህ በቦንዶች በኩል የሚተላለፍ መሳብ ኢንደክቲቭ ይባላል፤ በየካርቦኑ እየደከመ ይሄዳል።

ፌኖል ላይ ግን ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ቦታውም ይጠየቃል። ናይትሮ ቡድን፣ NO₂፣ በሜታ ስታስቀምጡ pKa ከ10 ወደ 8.4 ይወርዳል። በፓራ ስታስቀምጡ ደግሞ ወደ 7.15። ፓራ ከኦክስጅኑ የበለጠ የራቀ ነው። እና ለምን በለጠ?

ደረጃ 3 ላይ የሳልናቸውን ቀስቶች አስታውሱ። ቻርጁ ፓራ ካርቦን ላይ ያርፋል፣ ሜታ ላይ አያርፍም። ፓራው ላይ NO₂ ካለ ቻርጁ እዚያ ካርቦን ላይ ተቀምጦ አይቀርም፤ ወደ ናይትሮው ኦክስጅኖች ይሻገራል። አሁን ቻርጁ ኦክስጅን ላይ የሆነበት አዲስ ጥሩ ስዕል አገኘን። ቅድም ደካማ የነበረው ስዕል ጎበዝ ሆነ ማለት ነው። ሜታ ላይ ያለው NO₂ ግን ቻርጁ ስለማይደርስበት ከሩቅ መሳብ ብቻ ነው የሚችለው። በሁለቱ መካከል ያለው ከአንድ ቁጥር በላይ ልዩነት የሬዞናንሱ ድርሻ ነው።

በተቃራኒው ፓራ ላይ CH₃ ብታስቀምጡ pKa 10.3 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ ትንሽ ያደክማል።

አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ

እነዚህን አምስቱን ከደካማው ወደ ጠንካራው አሰልፉ፦

```
CH₃COOH    CF₃CH₂OH    C₆H₅OH    4-NO₂-C₆H₄-OH    4-CH₃-C₆H₄-OH
```

መጀመሪያ ቤዞቻቸውን ሳሉ። ከዚያ ኦክስጅኑ የተያያዘበትን ካርቦን እያያችሁ በቡድን መድቡ። CF₃CH₂O⁻ የተያያዘው ከ CH₂ ጋር ነው፣ ስለዚህ አልኮል ነው። ሦስት ፍሎሪን ኤሌክትሮን ስለሚስቡለት ከተራ ኤታኖል በጣም ይጠነክራል። ግን ቻርጁ አሁንም አንድ ኦክስጅን ላይ ነው። pKa 12.4 ነው፤ ከኤታኖል ሦስት ቁጥር ተኩል ወርዶም ፌኖልን አልደረሰበትም። በነገራችን ላይ መሳብና መበተን ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቀጥሎ ሦስቱ ፌኖሎች አሉ። CH₃ ያለው ከተራው ይደክማል፣ NO₂ ያለው ይበልጣል። CH₃COO⁻ ደግሞ ሁለት እኩል ኦክስጅን አለው፣ pKa 4.76 ነው። ፓራ ናይትሮፌኖል 7.15 ላይ ስለሆነ አይደርስበትም። ውጤቱ እንዲህ ነው፦

```
CF₃CH₂OH < 4-CH₃-C₆H₄-OH < C₆H₅OH < 4-NO₂-C₆H₄-OH < CH₃COOH
  12.4         10.3           10          7.15          4.76
```

መልስ ስትጽፉ "ምክንያቱም ሬዞናንስ አለው" ብላችሁ አታቁሙ። ቻርጁ ከየት ወደየት እንደሄደና የትኛው አቶም ላይ እንዳረፈ ጻፉ። ነጥቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በእጅ የሚሞከር፦ አራት ብርጭቆና ቤኪንግ ሶዳ

ፌኖል ራሱን አትፈልጉ። ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳም ውስጥ ዘልቆ ይመርዛል። ደግነቱ ፓራሲታሞል ፌኖል ነው። የቤንዝን ቀለበት ላይ በቀጥታ የተያያዘ OH አለው፣ pKa 9.5 ገደማ። አስፕሪን ደግሞ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው፣ pKa 3.5። አልኮሉን ከአረቄ እናገኛለን። ሐዋሳ ውስጥ ከመንደር መድኃኒት ቤትና ከሱቅ ሦስቱም ይገኛሉ።

መለኪያችን ቤኪንግ ሶዳ፣ NaHCO₃፣ ነው። ባይካርቦኔት ፕሮቶን ሲቀበል ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፣ እሱም ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበተናል። የካርቦኒክ አሲድ pKa 6.35 ነው። ከዚህ ያነሰ pKa ያለው አሲድ ፕሮቶኑን ለባይካርቦኔት ያስረክባል፣ አረፋም ይወጣል። ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ አያስረክብም። መስመሩ ፌኖልንና ካርቦክሲሊክ አሲድን ለሁለት የሚከፍል ቦታ ላይ ማረፉ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ንጹሕ ብርጭቆ አዘጋጁና በእያንዳንዱ ሩብ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። በአንደኛው 300 ሚሊግራም አስፕሪን ሁለት ፍሬ፣ በደንብ ተፈጭቶ። በሁለተኛው 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ፣ እሱም ተፈጭቶ። በሦስተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ አረቄ። አራተኛው ውሃ ብቻ ይሁን። መጠኑን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። 600 ሚሊግራም አስፕሪንና 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 3.3 ሚሊሞል ናቸው። በማንኪያው አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ አረቄው ዝም ቢል "ስላነሰ ነው" ብሎ መከራከር አይቻልም።

ዱቄቶቹን ካማሰላችሁ በኋላ ጥቂት ጠብቁ። ደረቅ ዱቄት አየር ይዞ ስለሚገባ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፊኛ ያወጣል። እሱ ጋብ ሲል በአራቱም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምሩ።

አስፕሪኑ ሽሽ እያለ አረፋ ያወጣል። አስፕሪን በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ እንደ ሎሚ ጭማቂ አይገነፍልም፤ ቀስ እያለ ለደቂቃዎች ይቀጥላል። ሁሉም ምላሽ ቢሰጥ በሐዋሳ ከፍታና የአየር ግፊት ወደ 100 ሚሊሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይፈጠራል፤ ከፊሉ ግን ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር የምታዩት ከዚያ ያንሳል። ፓራሲታሞሉ፣ አረቄውና ውሃው ዝም ይላሉ።

በቁጥር እንየው። የሁለቱን pKa ልዩነት ወስዳችሁ አሥርን በዚያ ከፍ አድርጉ።

```
አስፕሪን        10^(6.35 − 3.5)   ≈ 700
ፓራሲታሞል      10^(6.35 − 9.5)   ≈ 1/1400
ኤታኖል         10^(6.35 − 16)    ≈ 1/4,500,000,000
```

ይህ የምላሹ ሚዛን ቋሚ ነው። የመጀመሪያው ወደ ምርቱ ያዘነበለ ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ኋላ። ፓራሲታሞልና አረቄ በብርጭቆ ውስጥ እኩል ዝም ቢሉም እኩል ደካማ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ሶዳው ሁለቱን አይለያቸውም። እነሱን ለመለየት እንደ NaOH ያለ ጠንካራ ቤዝ ያስፈልጋል፤ ፌኖሎች ለሱ ፕሮቶናቸውን ይሰጣሉ፣ አልኮሎች ግን እዚህ ግባ የሚባል አይሰጡም። NaOH ዓይን ስለሚያጠፋ ያንን ለላቦራቶሪ ተዉት።

ሙከራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። አራተኛው ብርጭቆ፣ ባዶ ውሃው፣ አረፋ ካወጣ የገዛችሁት ቤኪንግ ሶዳ ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደር ነው። ፓውደሩ ውስጥ አሲዱ አብሮ ስላለ ውሃ ሲነካው ብቻውን ይፈላል። ውሃውን በጣም አታሙቁት፤ ትኩስ ውሃ ሶዳውን በራሱ ጋዝ እንዲያወጣ ያደርገዋል። አምቦ ውሃ አትጠቀሙ፣ ጋዙ አስቀድሞ በውስጡ አለ። በአረቄ ፋንታ ጠላ ወይም ጠጅ አታድርጉ፤ አልኮል ቢኖራቸውም የኮመጠጡ ናቸው፣ አረፋ የሚያወጣው አሲዳቸው ይሆናል። ፓራሲታሞሉም ተራ ፍሬ ይሁን። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ሲሠራ አሲድና ባይካርቦኔት ተጨምሮበታል፣ ሽሮፑም አሲድ ሊኖረው ይችላል። ስትጨርሱ ሁሉንም ድፉ፣ ብርጭቆዎቹን እጠቡ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት አድርጉ።

ያው ቁጥር በሐዋሳ ሐይቅ ውሃ

pKa ሌላም ነገር ይነግራል፦ አንድ ንጥረ ነገር በአንድ ውሃ ውስጥ በየትኛው መልኩ እንደሚገኝ። የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በባይካርቦኔት የበለጸገና ወደ ቤዝ ያዘነበለ ነው፣ pHው ብዙ ጊዜ ከ8 ይበልጣል። ለስሌት እንዲመቸን 9 ብለን እንያዝ። ደንቡ፦ የቤዙ መጠን ለአሲዱ መጠን ሲካፈል አሥርን በ(pH − pKa) ከፍ እንደማድረግ ነው።

አሴቲክ አሲድ፦ 9 − 4.76 = 4.24። ለአንድ አሴቲክ አሲድ ከ17,000 በላይ አሴቴት አለ። በተግባር ሁሉም ፕሮቶኑን ጥሏል። ፌኖል፦ 9 − 10 = −1። ለአሥር ፌኖል አንድ ፌኖክሳይድ፤ አብዛኛው ፕሮቶኑን እንደያዘ ነው። ኤታኖል፦ 9 − 16 = −7። ከአሥር ሚሊዮን አንድ። ፓራ ናይትሮፌኖል ግን 9 − 7.15 = 1.85 ነው፤ ለአንድ አሲድ 70 ያህል ቤዝ። ቤዙ ቢጫ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ቀለሙ ይታያል።

ደንቡ የሚያልቅበት

"ካርቦክሲሊክ አሲድ ሁልጊዜ ከፌኖል ይበልጣል" የሚለውን አትጻፉ። ፌኖል ላይ ሦስት NO₂፣ ሁለቱን በኦርቶና አንዱን በፓራ፣ ብታስቀምጡ ፒክሪክ አሲድ ይሆናል። ቻርጁ የሚያርፍባቸው ሦስቱም ካርቦኖች አሁን ወደ ኦክስጅን የሚያሻግር በር አላቸው። pKa 0.4 ገደማ ነው። አሴቲክ አሲድን በሺዎች እጥፍ ይበልጣል፣ ባይካርቦኔትንም ያፈላል። (ደረቁ ፒክሪክ አሲድ ፈንጂ ነው፤ በአሮጌ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ካያችሁት አትንኩት፣ ለኃላፊው ንገሩ።) የቡድኑ ስም መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሌላው የሚረሳው ውሃው ነው። እስካሁን የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በውሃ ውስጥ ያሉ ናቸው። ውሃ ኔጌቲቭ ቻርጁን ከቦ ያረጋጋዋል። ተርት ቡታኖል ከኤታኖል ደካማ ነው፣ pKa 17 እስከ 18 ይደርሳል። ብዙ መጻሕፍት "ሦስቱ CH₃ ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ ነው" ይላሉ። ግን ጆን ብራውማንና ላሪ ብሌር በ1968 (እ.ኤ.አ.) አልኮሎቹን ውሃ በሌለበት፣ በጋዝ መልክ ሲለኳቸው ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ተገኘ። ተርት ቡታኖል ከኤታኖል በለጠ፣ ኤታኖልም ከሜታኖል። ትልቁ ቡድን በራሱ ቻርጁን ይረዳ ነበር ማለት ነው። በውሃ ውስጥ የሚያደክመው ሦስቱ CH₃ መንገድ ዘግተው የውሃ ሞለኪውሎች ኦክስጅኑን በደንብ እንዳይከቡት ስለሚያደርጉ ነው። ስለዚህ ሁለት ተራ አልኮሎችን በውሃ ውስጥ ስታወዳድሩ ሬዞናንስ አትፈልጉ፤ ውሃው ቻርጁ ጋ መድረስ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።